እውነት ወይስ ተረት? «ዋጋ ስትጨምር ዝም በል»

ነጋዴ ለነጋዴ የሚያቀብላቸው ምክሮች አሉ። ስለ ዋጋ ጭማሪ የሚነገሩት ደግሞ በልዩ ልበ ሙሉነት ነው የሚነገሩት፦ ሳትናገር ጨምር፤ ዋጋውን ተወውና መጠኑን ቀንስ፤ ለወዳጅህ በድሮው ሽጥለት፤ ደሞዝ በጨመረ ሰሞን ጨምር። ለአንድ ቀን መንገደኛ ሲሆኑ ሊሠሩ ይችላሉ። ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ደንበኛ ሲሆኑ ግን አብዛኞቹ ጠንቅ ናቸው። ለምን እንደሆነ ለማየት አንድ ከተማና አንድ ሽሮ ይበቃናል።

ከተማው አርብ ገበያ ነው፤ በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ። በገበያው ቀን ከየቀበሌው እህሉን፣ ፍየሉን፣ በርበሬውን ይዞ የሚወርደው ሰው ከተማውን ይሞላዋል፤ የምግብ ቤት ወንበርም አይገኝም። ቅዳሜ ሲነጋ የሚቀረው ሌላ ሰው ነው፦ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የወረዳው ሠራተኛ፣ ሾፌሩ፣ የጎረቤት ባለሱቅ። ምግብ ቤቱን ዓመቱን ሙሉ የሚያቆመው ይህኛው ነው። ብዙው በዱቤ ይበላል፤ በልቶ ደብተር ላይ ያስጽፋል፣ ደሞዝ ሲወጣ ይከፍላል።

እዚህ ከተማ ሽሮ፣ በያይነቱና ሻይ የሚሸጡ አንዲት ባለቤት እናስብ፤ እትዬ እንበላቸው። እትዬም ቁጥሮቻቸውም ለምሳሌ የተፈጠሩ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ሒሳብ በቦታቸው ማስገባት ይችላል።

እትዬ አንዱን ሽሮ 80 ብር ይሸጣሉ። ለእንጀራው 30፣ ለሽሮ ዱቄቱና ለቅመሙ 12፣ ለዘይቱ 8፣ ለከሰሉ 6 ብር ያወጣሉ፤ ድምሩ 56። ከአንድ ሽሮ 24 ብር ይተርፋል ማለት ነው። ይህ ገና ትርፍ አይደለም፤ የቤት ኪራይ፣ የሠራተኛ ደሞዝና ግብር የሚወጣው ከዚሁ ነው። እነዚህ ተደምረው በቀን 720 ብር ይሆናሉ እንበል። 60 ሽሮ በተሸጠበት ቀን 1,440 ብር ይሰበሰባል፤ 720ው ለወጪ ሄዶ 720 ብር በእትዬ እጅ ይቀራል።

አሁን ጤፍ ተወደደ። የእንጀራው ወጪ 35 ብር ሆነ፣ የዘይቱ 11፣ የከሰሉ 7። አንዱ ሽሮ 65 ብር ያስወጣል ማለት ነው። በ80 ሲሸጥ የሚተርፈው 15 ብር ብቻ ነው። 60 ሽሮ ተሸጦ 900 ብር ይገባል፤ ከወጪው በኋላ 180 ብር ይቀራል። ገበታው እንደ ድሮው ሞልቷል፣ ሰው እንደ ድሮው ይገባል ይወጣል፣ የእትዬ ትርፍ ግን ወደ ሩብ ወርዷል። ብዙ ምግብ ቤቶች ደንበኛ እያላቸው የሚዘጉት በዚህ መንገድ ነው፤ ባለቤቱ የሚያየው የወንበሩን መሙላት ስለሆነ ነገሩ ቶሎ አይታወቀውም። መጨመር ስላለባቸው ይጨምራሉ። የቀረው ጥያቄ እንዴት የሚለው ነው።

ተረት፦ «ከተናገርክ ይሄዳል፤ ሳይሰማ ጨምርበት»

ይህ ምክር የሚሠራው ደንበኛው ዋጋውን ሳያውቅ ሲበላ ነው። የዱቤ ደንበኛ ደግሞ ዋጋውን የሚያውቀው በወሩ መጨረሻ፣ ደብተሩ ሲገለጥ ነው። በቀን አንድ ሽሮ የሚበላ መምህር በልቡ 30 ጊዜ 80፣ 2,400 ብር ብሎ አስቦ ይመጣል። እትዬ ከወሩ አጋማሽ ጀምሮ በ90 ጽፈውበት ከሆነ ሒሳቡ 2,550 ይወጣል። ልዩነቱ 150 ብር ነው፤ ቀድሞ ቢነገረው ኖሮ የሚያስኮርፍ ገንዘብ አይደለም። አሁን ግን መምህሩ የሚጠይቀው ስለ 150 ብሩ ብቻ አይሆንም። «ያለፈው ወርስ በትክክል ተጽፎ ነበር?» ይላል። በዱቤ ደብተር ላይ የሚጽፈው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ደንበኛው አምኖ ነው የሚከፍለው። ድብቅ ጭማሪ የሚያፈርሰው ያንን እምነት ነው፤ አንዴ ከፈረሰ ደግሞ ደንበኛው ከዚያ በኋላ ያለውን ገጽ ሁሉ ይቆጥራል።

ዝምታ የሚጎዳበት ሌላም ምክንያት አለ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ዋጋን ደንበኛ ለደንበኛ ያወራዋል። እትዬ ራሳቸው ካልነገሩ ወሬው የሚጀምረው መጀመሪያ ደርሶበት በተናደደው ሰው አፍ ነው። ምክንያቱን የሚተርከውም እሱ ነው፤ ዘይትና ጤፍ በዚያ ትረካ ውስጥ ቦታ አይኖራቸውም።

ስለዚህ መንገር ግድ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ቃል የሚለው ግን ጥበብ ይፈልጋል። መጀመሪያ የሚነገራቸው የዱቤ ደንበኞች ናቸው፤ በቃል፣ ለእያንዳንዳቸው፣ ግድግዳው ላይ ምንም ከመለጠፉ በፊት። ሁለት ሳምንት መቅደም ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲረዝም ሰው ይረሳዋል፤ ሲያጥር ደግሞ የወሩን ብር አስልቶ የጨረሰውን ይጎዳል። ጭማሪው የሚጀምርበት ቀን የአዲስ ወር መጀመሪያ መሆን አለበት፤ በአንድ ሰው ገጽ ላይ በአንድ ወር ሁለት ዋጋ እንዳይጻፍ። በገበያው ቀን ደግሞ አይነገርም። በዚያን ቀን እትዬ ለመናገር ጊዜ የላቸውም፣ ቋሚው ደንበኛም በግርግሩ መካከል የተነገረውን ነገር የተነገረው ለእሱ ነው ብሎ አይወስደውም። ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ይሻላል።

ቃሉ አጭር ይሁን። እንዲህ ያለ ነገር፦

«መምህር፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ከሰኔ አንድ ጀምሮ ሽሮው 90 ብር ነው። እንጀራው ብቻ አምስት ብር ጨምሮብኛል፣ ዘይቱ ሦስት፣ ከሰሉ አንድ። የግንቦቱ ሒሳብህ በድሮው ነው።»

«እትዬ፣ አሥር ብር በዛ።»

«ዘጠኝ ነው የጨመረብኝ። አሥር ያልኩት ለመልሱ ነው፤ አንድ አንድ ብር ከየት አመጣልሃለሁ?»

በዚህ ንግግር ውስጥ «ይቅርታ» ሦስት ጊዜ አልተባለም፣ «ምን ላድርግ፣ ሞትኩ» አልተባለም። ልመና የሚያበዛ ባለቤት ደንበኛውን እንዲከራከር ይጋብዘዋል፤ ዋጋው ገና ያልተቆረጠ ይመስላል። አራት ነገሮች ብቻ ተነግረዋል፦ አዲሱ ዋጋ፣ የሚጀምርበት ቀን፣ ምክንያቱ በብር፣ ያለፈው ሒሳብ እንደማይነካ። ስለ አሥሩ ብር የተባለውም እውነት ነው፤ 89 ብር ቢሆን መቶ ብር ለሰጠ ሰው ሁሉ አሥራ አንድ ብር መመለስ ይመጣል፣ ዝርዝር ሲታጣ ደግሞ ያችው አንድ ብር በየቀኑ ትቀርበታለች። ዝርዝር የሌለው ባለቤት በ89 ቢለጥፍ በ90 እየሸጠ ነው፤ ከመጀመሪያው 90 ቢል ይሻላል።

ተረት፦ «ሁሉ ነገር ተወደደ ማለት ይበቃል»

አዲስ አበባ ላይ ይበቃ ይሆናል። አርብ ገበያ ላይ ግን ደንበኛው ጤፍ ስንት እንደሆነ ከእትዬ በላይ ያውቃል፤ አባቱ ወይም አጎቱ ባለፈው ገበያ ሸጦታል። «ሁሉ ነገር ተወደደ» ሲባል የገበሬ ልጅ «የኛ በግ ግን በዚያው ነው» ብሎ ይስቃል። በእህል ገበያ መካከል የሚሠራ ምግብ ቤት ምክንያቱን ማጋነን አይችልም። ይህ ግን ለእውነተኛ ነጋዴ ጥሩ ነገር ነው፤ ደንበኛው ሒሳቡን ራሱ ያረጋግጥለታል።

ሰው ጭማሪን እንዴት እንደሚመዝን በደንብ የተጠና ነገር ነው። ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ክኔትሽና ሪቻርድ ቴለር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለካናዳ ነዋሪዎች በስልክ አጫጭር ታሪኮችን እያቀረቡ «ይህ ፍትሐዊ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። አንዱ ታሪክ የበረዶ መጥረጊያ አካፋ በ15 ዶላር ይሸጥ ስለነበረ ሱቅ ነው፤ ከባድ በረዶ በጣለ ማግስት ዋጋውን 20 አደረገው። ከመቶ 82ቱ ፍትሐዊ አይደለም አሉ። ነጋዴው ራሱ የሚገዛበት ዋጋ ሲጨምርበት ያንኑ ያህል ቢጨምር ግን አብዛኛው ሰው ተቀብሎታል። በሌላ ታሪክ ደግሞ ባለሱቁ በመጋዘኑ ውስጥ በድሮው ዋጋ የገዛው ብዙ ዕቃ አለው፤ የጅምላው ዋጋ መጨመሩን በሰማበት ቅጽበት በዚያ ዕቃ ላይ ጨመረ። ይህንንም አብዛኞቹ ነቅፈዋል። ካህነማን በ2002፣ ቴለር በ2017 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልመዋል፤ ግን ይህንን ግኝታቸውን ለመረዳት ሽልማት አያስፈልግም፤ ሐምሌ 2016ን ያሳለፈ ኢትዮጵያዊ ያውቀዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ ዶላር በመጀመሪያው ቀን ከ57 ብር ግድም ወደ 74 ብር ከፍ አለ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከመቶ አለፈ። ከውጭ የሚገባው ዘይት መወደዱ የማይቀር ነበር። ሕዝቡን ያስቆጣው ግን መወደዱ ብቻ አልነበረም፤ ከወር በፊት ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ የቆየው ጀሪካን በዚያው ሳምንት መወደዱ ነው። «ይህንን በስንት ገዛኸው?» የሚለው ጥያቄ ከየሱቁ ይሰማ ነበር። ለእትዬ ትርጉሙ ቀላል ነው፦ በድሮው ዋጋ የገዙት ጤፍና ዘይት እስኪያልቅ በድሮው ይሽጡ፤ አዲሱን ዋጋ በአዲሱ ግዢ ይጀምሩ። ደንበኛው ጓዳ ገብቶ አያይም፤ ጤፉ መቼ እንደተራገፈ ግን ጎረቤት ያያል።

ተቃውሞ ይኖራል። ባለሱቁ «በድሮው ከሸጥኩ በምን አዲሱን እገዛለሁ?» ይላል። ለዕቃ ነጋዴ እውነት ነው፤ ተተኪው ዕቃ በሚገዛበት ዋጋ ካልሸጠ ካፒታሉ ይቀልጣል። ምግብ ቤት ግን ጤፍ በየጥቂት ሳምንቱ የሚገዛ ስለሆነ የሚጠብቀው ጊዜ አጭር ነው፤ በደንበኛው ዘንድ የሚያተርፈው እምነት ግን ረጅም ነው። በዚህ ረገድ ምግብ ቤትና ዘይት አከፋፋይ አንድ ዓይነት ምክር አይሰጣቸውም።

ተረት፦ «ደሞዝ በጨመረ ሰሞን ወይም በጾም መግቢያ ጨምር፤ አይሰማውም»

በጣም የሚሰማው ያኔ ነው። ይህ የበረዶው አካፋ ታሪክ በኛ አገር መልኩ ነው።

ደሞዙን እንየው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ ሲስተካከል ገና ብሩ ኪስ ሳይገባ ብዙ ነገር ጨመረ፤ መንግሥትም ነጋዴውን ደጋግሞ አስጠነቀቀ። ለወረዳ ሠራተኛ በዚያ ሰሞን የሚመጣ ጭማሪ ከእትዬ ጤፍ ጋር የሚገናኝ ሆኖ አይታየውም፤ «የኔን ጭማሪ ቆጥረውብኝ ነው» ብሎ ነው የሚወስደው። እውነቱ የጤፍ ዋጋ ቢሆንም አይሰማም። ስለዚህ ወጪ የጨመረው ከደሞዙ ጋር በአጋጣሚ ከገጠመ ሁለት ወር መታገስ ብልህነት ነው። የሁለት ወሩ ጉዳት ሊቆጠር ይችላል፤ ስሙ ሲበላሽ ያለው ጉዳት ግን አይቆጠርም።

ጾሙ ይበልጥ ስውር ነው። የአርብ ገበያ የገበያ ቀን ከጾም ቀን ጋር አንድ ነው። ከትንሣኤ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በስተቀር ዓርብ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ይጾማል፤ ስለዚህ ለገበያተኛው ሥጋም እንቁላልም አማራጭ አይደለም፣ ያለው ሽሮና በያይነቱ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በፍልሰታም ከነሐሴ 1 እስከ 15 እንዲሁ። በጾም መግቢያ ላይ የሽሮ ዋጋ የጨመረ ሰው መውጫ የሌለውን ሰው ጠብቆ የያዘ ይመስላል፤ ምክንያቱ እውነት ቢሆንም።

የእትዬ ችግር እዚህ ላይ ይከብዳል፤ ጤፍ ወደ ክረምቱ ጎተራ እየጎደለ ሲሄድ ነው የሚወደደው፣ ፍልሰታም የሚገባው ያኔ ነው። ወጪው የሚነሳበት ጊዜና ደንበኛው የሚቆጣበት ጊዜ ይገጣጠማሉ። መፍትሔው ወጪው መነሳት እንደጀመረ፣ ፍልሰታ ሳይገባ መጨመር ነው። አብዛኛው ግንቦት በሃምሳው ውስጥ ይውላል፤ ደንበኛው ዓርብም ቢሆን ሽሮው ካልተስማማው እንቁላል ፍርፍር ማዘዝ ይችላል። በግንቦት አጋማሽ ተነግሮ ሰኔ 1 ቢጀመር ከፍልሰታም ከደሞዝ ጭማሪ ሰሞንም ይርቃል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙ መምህራን ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። እትዬ በሐምሌ ጨምረው በሐምሌ ወንበር ባዶ ሲያዩ ደንበኛው የሄደው በዋጋው ይሁን በዕረፍቱ አያውቁም፤ ደንግጠው ዋጋውን ሊመልሱት ይችላሉ። በሰኔ ከጨመሩ አንድ ንጹሕ ወር አላቸው።

ግማሽ ተረት፦ «ከመጨመር ማሳነስ ይሻላል»

ዳቦ ጋጋሪዎች ለዓመታት ሞክረውታል፤ ከተማ የኖረ ሁሉ ዳቦው በዚያው ዋጋ እየሟሸሸ ሲሄድ አይቷል። ዳቦ ግን ተገዝቶ የሚወጣ ነገር ነው። ገበታ ላይ የሚቀርብ ሽሮ ሲቀጥን፣ እንጀራው ሲሳሳ በዕለቱ ይታወቃል፤ ቅሬታው አይነገርም፣ ደንበኛው ብቻ ይቀራል።

ግማሽ ያልኩት ለጭማሪ እንጀራው ነው። ብዙ ምግብ ቤት እንጀራ ሲያንስ ተጨማሪ አንድ በነጻ ያመጣል። ካህነማንና ጓደኞቹ ሰው ቅናሽ ሲቀርበት ዋጋ ሲጨመርበት ያህል እንደማይቆጣ አግኝተዋል፤ በዚያ ሒሳብ ነጻውን እንጀራ ማስቀረት ከዋጋ ጭማሪ ይሻላል ማለት ነው። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። «እንጀራ ይጨመርልህ?» የሚለው ጥያቄ በኛ ዘንድ ቅናሽ አይደለም፣ እንግዳ መቀበል ነው። ያንን ጥያቄ ማቆም ከአሥር ብር በላይ ይሰማል። ሽሮው 90 ሆኖ ጥያቄው ይቀጥል።

መጠን ማሳነስ ቦታ ካለው በግልጽ ሲሆን ነው። «ግማሽ ሽሮ በ55 ብር» ተብሎ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ያነሰ ኪስ ያለው ተማሪ ወይም ቀላል መብላት የሚፈልግ ሽማግሌ ራሱ መርጦ ያዛል። ለዚያ ግማሽ ወጪው ግማሽ አይሆንም፤ ከሰሉና ድካሙ ያው ነው፣ ስለዚህ በ45 ብር ቢሸጥ ከሙሉው የሚተርፈውን ግማሽ እንኳ አያተርፍም።

ተረት፦ «ለቋሚ ደንበኛ በድሮው ዋጋ ይቀጥል፤ ለመንገደኛው ብቻ ይጨመር»

ደግነት ይመስላል፤ የሚፈነዳውም ለዚህ ነው። ዓርብ ቀን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ መምህሩና ከገጠር የወረደው አያ እገሌ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ 80፣ ሌላው 90 ሲከፍል ይተያያሉ። አያ ለሁለተኛ ጊዜ አይመጡም፤ የመጡበት ቀበሌም ይሰማል። መምህሩም ቢሆን አይደሰትም፤ ነገ ማን እኔን እንደ መንገደኛ ይቆጥረኛል ብሎ ያስባል።

ሕጉም አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዝዛል። ዋጋው ተለጥፎ ሁለት ዋጋ ማስኬድ አይቻልም፤ ሳይለጥፉ ማስኬድ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው።

ቋሚ ደንበኛን መለየት የሚቻለው በዋጋ ሳይሆን በጊዜ ነው። የቀድሞውን ወር ሒሳብ በድሮው ዋጋ መጨረስ፣ ከሌላው ሰው ሁለት ሳምንት ቀድሞ መስማት፣ ቀድሞ ለከፈለ ደግሞ የሚቀጥለውን ወር ግማሽ በ80 መብላት። ይህን የመጨረሻውን ማንም ገበያተኛ ቢጠይቅ «ቀድመህ ክፈልና ላንተም ይሁን» ብሎ መመለስ ይቻላል። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ ሳይሆን ያደረገው ነገር ነው ዋጋውን የለየው። እትዬም በእጃቸው የገባው ብር ጤፉን ሳይወደድ ለመግዣ ይሆናቸዋል።

ተረት፦ «አንድ ደንበኛ ከሄደ ከሰርኩ»

ሒሳቡን እንመልከት። በ90 ብር አንድ ሽሮ 25 ብር ይተርፋል። ከጭማሪው በፊት በጤፉ ውድነት ወርደው ወደነበሩበት ወደ 180 ብር እንዲመለሱ 36 ሽሮ መሸጥ ይበቃል፤ 24 ሰው ቢቀርባቸው እንኳ ሳይጨምሩ ከነበሩበት አይብሱም። ጤፍ ከመወደዱ በፊት ወደነበረው 720 ለመመለስ ደግሞ 58 መሸጥ አለባቸው፤ ሁለት ብቻ ሊያጡ ይችላሉ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች አብረው መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው ብቻ ከታየ ሰው እየጎደለ መዝናናት ይመጣል፤ ሁለተኛው ብቻ ከታየ ሁለት ሰው ሲቀር ዋጋ መመለስ ይመጣል።

ማን እንደሄደም ይታይ። በየቀኑ ብቻውን መጥቶ በልቶ ወዲያው የሚወጣ አለ፤ ሦስት ባልደረቦች አስከትሎ የሚመጣም አለ። የሁለተኛው መቅረት አራት ወንበር ነው። እትዬ በደብተሩ ላይ ከጭማሪው በፊት የነበሩትን ስሞች ከሦስት ሳምንት በኋላ ካሉት ጋር ማስተያየት ይችላሉ፤ ለዚህ ሌላ መዝገብ አያስፈልግም። የቀረ ሰው ካለ መንገድ ላይ ሲያገኙት «ምነው ጠፋህ?» ማለት በአርብ ገበያ ያለ ነገር ነው፤ ዋጋውን ግን እሱ እስኪያነሳው አያንሱበት። ቀድመው ካነሱት እንደ ልመና ይሆናል፣ እሱም ቅናሽ እስኪባል ይጠብቃል።

ተረት፦ «የወጣ ዋጋ አይወርድም፤ ደንበኛውም አይጠብቅም»

ጤፍን ምክንያት ያደረገ ሰው ከጤፍ ጋር ታስሯል። ታኅሣሥ ላይ አዲሱ ጤፍ ገበያ ሲሞላ ያው መምህር መጥቶ «እትዬ፣ ጤፍ ረክሷል አይደል?» ይላል። ሲጨመር ምክንያቱ በብር ተነግሮታልና ሲቀንስም በብር መጠየቅ መብቱ ነው። «የወጣ ዋጋ አይወርድም» ብሎ መመለስ ግንቦት ላይ የተነገረውን ሁሉ ውሸት ያደርገዋል።

ስለዚህ ግንቦት ላይ ሲነገር የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ መናገሩ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል። የጤፉ ድርሻ አምስት ብር ነበር፣ የዘይቱና የከሰሉ አራት። ጤፍ ቢወርድም ዘይት ላይወርድ ይችላል። እትዬ ታኅሣሥ ላይ ሒሳቡን ደግመው ሠርተው የእንጀራው ወጪ ከ35 ወደ 31 ወርዶ ቢያገኙት 90ውን 85 ማድረግ ይችላሉ፤ የቀረው በአብዛኛው የዘይትና የከሰል ነው ብለው ለመምህሩ መናገርም እንዲሁ። ወጪው 34 ላይ ከቆመ ደግሞ ዋጋው ባለበት ይቆያል፤ ምክንያቱም አንድ ብር ቀንሶ 89 ማድረግ ተመልሶ የዝርዝር ችግር ያመጣል። በዚህ ጊዜ ቁጥሩን ለጠየቀው መምህር አሳይቶ መተው ይበቃል፤ ላልጠየቀ መንገር አያስፈልግም።

ጊዜውን ቀድሞ መወሰን ይረዳል። ግንቦት ላይ «ታኅሣሥ ላይ ጤፉን አይተን እናስተካክላለን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ለስድስት ወር ያህል ደንበኛውን ከመጠየቅ ያሳርፈዋል። መቀነስ አይደለም ቃል የተገባው፣ ማየት ነው። ቃሉ ሲደርስ ግን ማየቱ ግዴታ ይሆናል፤ እትዬ ባያዩት እንኳ መምህሩ ታኅሣሥ ሲገባ የመጀመሪያውን ገበያ ጠብቆ ጤፍ ተራ ገብቶ ጠይቆ ነው የሚመጣው።